ገንዘብ የሚጠይቅ አሳታሚ ሲመጣ፦ አራቱ የማሳተሚያ መንገዶች ሲነጻጸሩ እና ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ረቂቅዎን ልከው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መልስ ይመጣል። ደብዳቤው ሥራዎን ያደንቃል፤ የአርታኢዎች ቡድን አንብቦ በአንድ ድምፅ እንደተቀበለው ይነግርዎታል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን «የጋራ መዋጮ» የሚል አንቀጽ አለ። ደራሲው 5,000 ዶላር ይከፍላል፣ «የቀረውን ወጪ» ድርጅቱ ይሸፍናል፣ ደራሲው ከተጣራ ገቢ 40 በመቶ ያገኛል፣ «እስከ 1,000 ቅጂ» ይታተማል። ውሉ በአሥር ቀን ውስጥ ካልተፈረመ ቦታው ለሌላ ደራሲ ይሰጣል ይላል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ደብዳቤ እጁ ላይ ላለ ሰው ነው። የሚያደናግረው ነገር ገንዘብ መጠየቅ ብቻውን የማጭበርበር ማስረጃ አለመሆኑ ነው። አርታኢ በክፍያ ይሠራል፣ ማተሚያ ቤትም በነጻ አያትምም፤ ከደራሲው ጋር ወጪ ተጋርተው በቅንነት የሚሠሩ አሳታሚዎችም አሉ። ስለዚህ «ገንዘብ ጠየቁኝ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ርቀት አያስኬድም። የሚያስኬደው «ይህ ድርጅት የሚኖረው ከአንባቢ ነው ወይስ ከደራሲ?» የሚለው ነው።

## መለኪያዎቹ

የመጀመሪያውና ዋናው የገቢ ምንጭ ነው። ገቢው ከአንባቢ የሚመጣ አሳታሚ መጽሐፉ ካልተሸጠ ይከስራል፤ ስለዚህ ለመሸጥ ይሮጣል። ገቢው ከደራሲ የሚመጣ ድርጅት ግን ትርፉን የሚሰበስበው ውሉ በተፈረመበት ቀን ነው፤ መጽሐፉ ተሸጠ አልተሸጠ ሒሳቡ ተዘግቷል። ሌሎቹ መለኪያዎች ሁሉ የዚህ ተከታዮች ናቸው።

ሁለተኛው ምርጫ ነው። ከሚደርሱት ረቂቆች ብዙዎቹን የሚመልስ አሳታሚ የራሱን ገንዘብና ስም የሚያወጣበትን ሥራ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2004 ጥቂት አሜሪካውያን ደራስያን ተሰባስበው ሆን ብለው እጅግ የተበላሸ ልብ ወለድ ጻፉ። ሁለት ምዕራፎች ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነበሩ፣ አንድ ምዕራፍ ጭራሹን የለም፣ አንዱ ደግሞ በኮምፒዩተር ፕሮግራም የተፈበረከ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ነበር። ረቂቆችን መርጬ ነው የማሳትመው ይል ለነበረ አንድ ድርጅት ላኩት፤ ድርጅቱም ተቀበለው። ያቀረበውን ውል የሻረው ደራስያኑ ነገሩን ይፋ ካደረጉ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሥራዎ ተመርጧል» የሚለውን ቃል ብቻውን ማመን አይገባም።

ሦስተኛው ደራሲው የሚያስረክበው መብትና የቆይታ ጊዜው፣ አራተኛው መጽሐፉ ወደ አንባቢ የሚደርስበት መንገድ፣ አምስተኛው ደግሞ መውጫው ነው፤ ማለትም ነገሩ ባይሳካ ደራሲው ምን ይዞ ይወጣል የሚለው።

## አራቱ መንገዶች

መደበኛ አሳታሚ። አርትዖቱን፣ የገጽ ቅንብሩን፣ ሽፋኑን፣ ኅትመቱንና ሥርጭቱን በራሱ ወጪ ይሠራል፤ ከደራሲው ምንም አይቀበልም። በምትኩ መብቱን ይይዛል፤ ለደራሲው የሚሰጠው ድርሻም ዝቅ ያለ ነው፤ ለታተመ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ከሽፋን ዋጋው ከ7 እስከ 15 በመቶ። ችግሩ መግባቱ ነው። መልስ ለማግኘት ወራት ይፈጃል፣ አብዛኛው ረቂቅም ይመለሳል። በዚህ መንገድ ላይ «የንባብ ክፍያ»፣ «የምዝገባ» ወይም «የአርትዖት መዋጮ» ከተጠየቁ፣ ያናገረዎት መደበኛ አሳታሚ አይደለም።

ቅይጥ አሳታሚ። ደራሲው ወጪውን በሙሉ ወይም በከፊል ይሸፍናል፤ ድርጅቱ ግን ረቂቅ ይመርጣል፣ በሙያ ደረጃ ያዘጋጃል፣ ያከፋፍላል፣ ለደራሲውም ከመደበኛ አሳታሚ የበለጠ ድርሻ ይሰጣል። የአሜሪካ የነጻ መጻሕፍት አሳታሚዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ለዚህ ዓይነት ድርጅት መስፈርት አውጥቷል። በረቂቅ መረጣ፣ በጥራት፣ ሽያጩን በማሳየት እና ከፍ ባለ የደራሲ ድርሻ ላይ አጥብቆ ይናገራል። መስፈርቱን በእርግጥ የሚያሟሉ ድርጅቶች አሉ፤ ግን «ቅይጥ» የሚለውን ስም ማንም ድረ ገጹ ላይ ሊለጥፈው ይችላል፤ የሚፈቅድም የሚከለክልም የለም።

በራስ ማሳተም። ደራሲው ራሱ አሳታሚ ይሆናል። አርታኢውን፣ የሽፋን ሠሪውን፣ የገጽ ቅንብር ባለሙያውን ለየብቻ ይቀጥራል፣ መጽሐፉንም በራሱ ስም ያወጣል። መብቱ በሙሉ በእጁ ነው፤ ከወጪ የተረፈው በሙሉ የእሱ ነው። ድካሙ ግን ብዙ ነው፤ መጥፎ አርታኢ ቢቀጥር የሚያስቆመው ሰው የለም።

ከደራሲ የሚኖር አሳታሚ። ራሱን በዚህ ስም አይጠራም። «አጋር»፣ «የጋራ»፣ «ቅይጥ»፣ «ደራሲን የሚደግፍ» ይላል። ክፍያውን እንደ ቅይጥ አሳታሚ ይቀበላል፣ መብቱን እንደ መደበኛ አሳታሚ ይወስዳል፣ የመሸጡን ሥራ ደግሞ በራስ እንደሚያሳትም ሰው ለደራሲው ይተውለታል። ደራሲው ከሦስቱም መንገዶች የሚከብደውን ጎን ብቻ ይሸከማል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለት የብሪታንያ የደራስያን ማኅበራት ከፍለው ያሳተሙ 240 ጸሐፊዎችን ጠይቀው ዘገባ አውጥተው ነበር። 94 በመቶው ገንዘባቸውን አልመለሱም። በአንድ ውል የተሸጠው የቅጂ ብዛት መካከለኛው ቁጥር 67 ነበር፤ ማለትም ግማሾቹ ከዚያ በታች፣ ግማሾቹ ከዚያ በላይ ተሽጠዋል።

## ውሉን ቁጭ ብሎ ማስላት

ከላይ ወዳየነው ደብዳቤ እንመለስ። ስሌቱ በዶላር ይሁን እንጂ አካሄዱ በየትኛውም ገንዘብ ያው ነው።

የመጽሐፉ የሽፋን ዋጋ 15 ዶላር ነው እንበል። ደራሲው «40 በመቶ» ሲሰማ የ15ቱን 40 በመቶ፣ ማለትም 6 ዶላር ያስባል። ውሉ ግን «ከተጣራ ገቢ» ይላል። መጽሐፉ በመደብር ሲሸጥ አከፋፋዩና መደብሩ 55 በመቶውን ይወስዳሉ፤ ይህ 8.25 ነው፣ የሚቀረው 6.75 ነው። ከዚያ ላይ የአንድ ቅጂ ማተሚያ 4.25 ሲነሳ 2.50 ይቀራል። የዚህ 40 በመቶ 1 ዶላር ነው። ደራሲው የከፈለውን 5,000 ዶላር ለመመለስ 5,000 ቅጂ መሸጥ አለበት። ከላይ ያየነው 67 ቅጂ ቢሸጥ የሚያገኘው 67 ዶላር ነው።

አሁን በድርጅቱ በኩል እንየው። ቀላል እርማት፣ ከተዘጋጀ ቅርጽ ላይ የተወሰደ ሽፋንና የገጽ ቅንብር በድምሩ 1,500 ዶላር ወጡ እንበል። አንድም አንባቢ መጽሐፉን ሳያይ 3,500 ዶላር ተርፏል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ የማስተዋወቅ ጥረት ለድርጅቱ ወጪ ነው። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ስልክ የማይነሳው፣ ኢሜይል የማይመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

«እስከ 1,000 ቅጂ» የሚለውን ደግሞ በደንብ ያንብቡት። «እስከ» የምትለው ቃል 1,000 ቅጂ ይታተማል አትልም፤ ከ1,000 አይበልጥም ነው የምትለው። ሃያ ቅጂ ማተምም ውሉን ያከብራል። ብዙዎቹ ድርጅቶች ደግሞ ትዕዛዝ ሲመጣ ብቻ በዲጂታል ማሽን ያትማሉ፤ ገዢ ካልመጣ አንድም ቅጂ አይኖርም። ይህ የኅትመት ዘዴ በራሱ ጥሩ ነው፤ በራሳቸው የሚያሳትሙ ብዙ ደራስያን ይጠቀሙበታል። ስህተት የሚሆነው የ1,000 ቅጂ ዋጋ ተቀብሎ በዚህ ዘዴ ማተም ነው። በውሉ ላይ መስፈር ያለበት «ቢያንስ ይህን ያህል ቅጂ እስከዚህ ቀን ታትሞ ይጠናቀቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው።

አንድ ሌላ አንቀጽ አለ፤ ሰው ሁሉ በችኮላ የሚያልፈው። «ደራሲው የራሱን መጽሐፍ በ40 በመቶ ቅናሽ መግዛት ይችላል» ይላል። ቅናሽ ይመስላል። 15 ዶላሩ ወደ 9 ይወርዳል፤ ማተሚያው ግን 4.25 ነው። ለምረቃ ቀን 100 ቅጂ ቢያዝዙ 900 ዶላር ይከፍላሉ፣ ድርጅቱ ከዚያ 475 ያተርፋል፤ በእነዚህ ቅጂዎች ላይ የደራሲ ድርሻም አብዛኛውን ጊዜ አይከፈልም። አስቀድመው ለኅትመቱ የከፈሉ ሰው ቅጂዎቹን በማተሚያ ዋጋ ወይም በትንሽ ጭማሪ ሊያገኙ ይገባል።

## መብትና መውጫ

ገንዘብ ከጠፋ ጠፋ፤ መብት ሲታሰር ግን ጉዳቱ ይቀጥላል። «በቅጂ መብቱ ዘመን ሁሉ» የሚል ውል ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ያስረዋል። ውሉ ላይ «መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ ይመለሳል» የሚል መጽናኛ ሊኖር ይችላል። በድሮው አሠራር መጋዘን ባዶ ሲሆን መጽሐፉ ከገበያ ጠፋ ይባል ነበር። ትዕዛዝ ሲመጣ በሚታተምበት አሠራር ግን ፋይሉ ኮምፒዩተር ላይ እስካለ መጽሐፉ «ገበያ ላይ ነው»፤ ስለዚህ አንቀጹ መቼም አይሠራም።

መፍትሔው የሚለካ ነገር መጻፍ ነው። ለምሳሌ፦ «በተከታታይ 12 ወራት ውስጥ ለደራሲው ከተሸጡት ውጪ ከ100 ቅጂ በታች ከተሸጠ፣ ደራሲው በጽሑፍ ባሳወቀ በ30 ቀን ውስጥ መብቱ ያለ ክፍያ ይመለሳል።» ቅን ድርጅት ቁጥሩ ላይ ይደራደር ይሆናል እንጂ ሐሳቡን አይቃወምም።

ከመብቱ ጋር ፋይሎቹም መመለስ አለባቸው። ለኅትመት የተዘጋጀው ፒዲኤፍ ብቻውን አይበቃም፤ ሊታረም የሚችለው የገጽ ቅንብር ፋይልና የሽፋኑ ዋና ፋይልም ያስፈልጋሉ። ይህ ካልተጻፈ መብትዎ በእጅዎ ሆኖ የመጽሐፉን ገጾች እንደገና ከመነሻው ማስቀናበርና ሽፋን ማሠራት ይኖርብዎታል፤ ማለትም ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። አንዳንድ ውል ፋይሎቹን ለማስረከብ ሌላ «የመለያያ ክፍያ» ይጠይቃል፤ ከመፈረም በፊት መሰረዝ ያለበት አንቀጽ ነው።

የመጽሐፉ መለያ ቁጥር፣ አይኤስቢኤን፣ በማን ስም እንደተመዘገበም ይጠይቁ። 13 አሃዝ ያለው ይህ ቁጥር በድርጅቱ ስም ከሆነ አሳታሚው እሱ ነው ማለት ነው፤ ከተለያያችሁ በኋላ በሌላ ቦታ ሲያሳትሙ አዲስ ቁጥር ያስፈልግዎታል። ይህ ብቻውን ክፋት አይደለም፤ «በራስዎ ነው የሚያሳትሙት፣ እኛ አገልግሎት ሰጪ ብቻ ነን» እያለ ቁጥሩን በራሱ ስም የሚይዝ ድርጅት ግን የሚናገረውና የሚሠራው አይገጥምም።

## ከመክፈል በፊት የሚጠየቁት

ጥያቄዎቹን በኢሜይል ይላኩ። በስልክ የተነገረ ነገር ውል ላይ አይገኝም። በጽሑፍ ለተጠየቀ ጥያቄ ሁልጊዜ በስልክ ብቻ የሚመልስ ሻጭ ካጋጠመዎት፣ ይህ ራሱ መልስ ነው።

1. ባለፈው ዓመት ስንት ረቂቅ ደረሳችሁ፣ ስንቱን መለሳችሁ? ትክክለኛ አሳታሚ ቢያንስ ግምት አለው።
2. ደራሲው ከፍሎ ካሳተማቸው መጻሕፍት መካከለኛው የሽያጭ ቁጥር ስንት ነው? «አማካይ» ሲሉዎት አይቀበሉ፤ አንድ መጽሐፍ 10,000 ቅጂ ተሽጦ የቀሩት ዘጠኙ 30፣ 30 ቢሸጡ አማካዩ ከ1,000 በላይ ይሆናል፣ መካከለኛው ግን 30 ነው። ደራሲው ራሱ የገዛው ቅጂ ከቁጥሩ ውጪ መሆኑንም ያረጋግጡ።
3. «የተጣራ ገቢ» ማለት ምን ምን ተቀንሶ ነው? መልሱ የተዘረዘረ መሆን አለበት። «የአስተዳደር ወጪ» ወይም «የማስተዋወቂያ ወጪ» የሚል ልቅ ቃል ከገባበት ድርሻዎ ዜሮ ሊሆን ይችላል።
4. ሥርጭቱ ምን ማለት ነው? «በ40,000 መደብሮች ይገኛል» ሲባል ብዙ ጊዜ የመጽሐፉ ስም በጅምላ አከፋፋይ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል ማለት ብቻ ነው። መደብር ማዘዝ ይችላል፤ ያዛል ማለት ግን አይደለም። መደብሮችን እየዞረ የሚያሳምን የሽያጭ ሠራተኛ አለ? ያልተሸጠ ቅጂ ይመለሳል? የማይመለስ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ መደብር ጥቂት ነው።
5. አርታኢው ማን ነው፣ ስንት ዙር ያያል? «አርትዖት» ሲባል የፊደል ግድፈት ማረም ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ከራስዎ ረቂቅ አሥር ገጽ ታርሞ እንዲታይዎት ይጠይቁ።
6. ክፍያው በስንት ክፍል ነው? ሥራው ሲጠናቀቅ ደረጃ በደረጃ ይከፈል፤ አርትዖቱ ሲያልቅ፣ ሽፋኑ ሲጸድቅ፣ ቅጂው እጅዎ ሲገባ። ሙሉውን አስቀድሞ መክፈል የመደራደር አቅምዎን በአንድ ቀን ይጨርሳል።
7. ከእናንተ ጋር ከሁለት ዓመት በፊት ያሳተሙ ሦስት ደራስያንን ማነጋገር እችላለሁ? የቅርቦቹ ገና በደስታ ላይ ናቸው፤ የሁለት ዓመቱ ግን የድርሻ ሒሳብ ደርሶት እንደሆነ ያውቃል። ከተሰጡዎት ውጪ ሌሎችን ራስዎ ፈልገው ማግኘትም ይጠቅማል።

የድርጅቱን ስም `Writer Beware` ከሚለው ጋር አብረው በድረ ገጽ ይፈልጉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ፣ ደራስያንን የሚያጠምዱ ድርጅቶችን የሚከታተል አገልግሎት ነው። ስሙ እዚያ አለመኖሩ ግን ለድርጅቱ ምስክር አይሆንም፤ እነዚህ ድርጅቶች ስም ይቀያይራሉ።

## እርስዎ ሳይልኩ የሚመጣ ግብዣ

ከላይ የተባለው ሁሉ ቢያንስ መጽሐፍ ለሚያትም ድርጅት ነው። ጭራሹን የማያትምም አለ። የታወቀ አሳታሚ ወይም የፊልም ኩባንያ ሠራተኛ ነኝ ብሎ፣ መጽሐፍዎን እንደወደደው ይጽፋል፤ ከዚያ «ለፊልም ማቅረቢያ»፣ «ለመብት ማስመዝገቢያ»፣ «ለግብር» ገንዘብ ይጠይቃል። አንዱ ክፍያ ሲያልቅ ሌላ ይከተላል፣ ስምምነቱም ሁልጊዜ «ሊፈረም ነው»። የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በዚህ መንገድ ከ800 በላይ ደራስያንን ከ44 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሳጥተዋል ባላቸው ሰዎች ላይ ክስ መሥርቷል።

መለያው ቀላል ነው። ከ@ ምልክት በኋላ ያለውን አድራሻ ከአሳታሚው ትክክለኛ ድረ ገጽ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። አንድ ሰረዝ ወይም አንድ ተጨማሪ ቃል ካለ ለመጠርጠር ከበቂ በላይ ነው። ቀጥሎ ከደብዳቤው ሳይሆን ከአሳታሚው ድረ ገጽ ላይ ስልክ ወስደው ይደውሉና ሰውዬው እዚያ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ። መጽሐፍ ሊገዛ የፈለገ ሰው ገንዘብ ይከፍላል እንጂ አይቀበልም።

## በአንድ እይታ

| መለኪያ | መደበኛ | ቅይጥ | በራስ | ከደራሲ የሚኖር |
|---|---|---|---|---|
| ማን ይከፍላል | አሳታሚው | ደራሲው ወይም ሁለቱም | ደራሲው | ደራሲው |
| ትርፍ ከየት | ከአንባቢ | ከሁለቱም | ከአንባቢ | ከደራሲው |
| ረቂቅ ይመልሳል | አብዛኛውን | ብዙውን | አይመለከተውም | እምብዛም |
| የደራሲ ድርሻ | ዝቅተኛ | ከመደበኛው የበለጠ | የተረፈው ሁሉ | በወረቀት ከፍተኛ፣ በተግባር ጥቂት |
| መብት | ለአሳታሚው | በጊዜ የተገደበ | በደራሲው እጅ | ብዙ ጊዜ ገደብ የለሽ |
| መውጫ | በውሉ | ግልጽ መሆን አለበት | አያስፈልግም | አስቸጋሪ ወይም በክፍያ |

## ለማን የቱ ይሻላል

ገንዘብ የሌለው፣ ጊዜ ግን ያለው ደራሲ መደበኛ አሳታሚዎችን መሞከሩ ይሻላል። ብድር ወስዶ ወደ ቅይጥ አሳታሚ መሄድ አይመከርም፤ የሽያጭ ቁጥሮቹን ከላይ አይተናቸዋል።

ጥቂት በጀት ያለውና ሥራ መከታተል የማይሰለቸው ሰው በራሱ ያሳትም። በምሳሌያችን ስሌት ከአንድ ቅጂ 1 ዶላር ሳይሆን ሙሉው 2.50 የእሱ ይሆናል። ለባለሙያዎቹ 2,500 ዶላር ቢያወጣ 1,000 ቅጂ ሲሸጥ ወጪው ይመለሳል። በጀቱ ካነሰ ከሽፋኑ በፊት አርትዖቱ ላይ ያውለው፤ ሽፋን በሁለተኛው ኅትመት ይቀየራል፣ የተበላሸ ጽሑፍ ያነበበ ሰው ግን አይመለስም።

ለቤተሰብና ለወዳጅ የሚሆን ማስታወሻ ወይም የቤተሰብ ታሪክ ለማሳተም አሳታሚ አያስፈልግም። አርታኢና ማተሚያ ቤት ይበቃሉ፤ 50 ቅጂ አሳትሞ ማደል ይቻላል፤ መብት የሚያስረክብ ውል መፈረም አያስፈልግም።

ቅይጥ አሳታሚ የሚስማማው በቂ ገንዘብ ላለው፣ ጊዜ ለሌለው፣ አንባቢዎቹንም አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ለምሳሌ መጽሐፉን ከስልጠናው ጋር ለሚሸጥ ባለሙያ። እሱም ቢሆን ሰባቱን ጥያቄዎች ጠይቆ፣ ውሉን ለሕግ ባለሙያ አሳይቶ ነው።

## አስቀድመው ከከፈሉ

ተጨማሪ አይክፈሉ፤ «ይህን ከጨመሩ መጽሐፉ ይወጣል» ቢባሉም እንኳ። ውሉን፣ ደረሰኞቹንና ኢሜይሎቹን በሙሉ በአንድ ቦታ ያስቀምጡ። በካርድ ከፍለው ከሆነ ባንክዎን ዛሬውኑ ያነጋግሩ፤ ያልተሰጠ አገልግሎት ክፍያን መቃወም የሚቻለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። በባንክ ማስተላለፍ የሄደ ገንዘብ ለመመለስ በጣም ይከብዳል፤ ገና ካልከፈሉ በካርድ መክፈልን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ለድርጅቱ በጽሑፍ፣ የውሉን አንቀጽ ቁጥር ጠቅሰው፣ ያልተፈጸመውን ዘርዝረው፣ የመልስ ቀን ቆርጠው ይላኩ። ገንዘቡ ባይመለስ እንኳ መብቱ እንዲመለስ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከአንባቢ ገቢ የማያገኝበትን መጽሐፍ መብት ይዞ መቆየት ለድርጅቱ የሚጠቅመው ነገር ስለሌለ፣ ይህን ጥያቄ ከገንዘቡ ይልቅ በቀላሉ ሊቀበለው ይችላል።